ከንፈሩን ብቻ

በዚያ ጠዋት ሙሽራዋ አገጬን በሁለት ጣቷ ይዛ ፊቴን ወደ እሷ አዞረችና «ከንፈሩን» አለችኝ። «የአባዬን ከንፈር ብቻ ቅረጪልኝ። ሌላው ቢቀርም ግድ የለኝም።»

«እሺ» አልኳት።

እኔ ለሁሉም ሰው እሺ ነው የምለው። ያን ጊዜ ግን የጠየቀችኝን ነገር ከእኔ በቀር ማንም ሊሰጣት እንደማይችል ገብቶኝ ነበር።

ሙሽራዋ አትሰማም። ልጅ ሳለች ማጅራት ገትር ታማ ስትድን ጆሮዋ አብሯት አልዳነም። ከዚያ በፊት ግን መናገር ታውቅ ስለነበር፣ ቋንቋው እንዳይጠፋባት አባቷ በየጠዋቱ ከቤት ያወጧትና የእሷን ጀርባ ወደ ፀሐይ አዙረው፣ ራሳቸው ፀሐዩን ፊት ለፊት እየተቀበሉ፣ ቀስ እያሉ ያወሯት ነበር። ስለ ገብሱ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ ጎረቤት፣ ያገኙትን ሁሉ። ከንፈር ማንበብ የተማረችው እንደዚያ ነው። ስታወራ ድምፅዋ ከፍ ዝቅ አይልም፤ ቃሉ ግን አይሳሳትም። የሌላ ሰው ከንፈር ስታነብ አንዳንዴ ያመልጣታል። የአባቷን አንድም አያመልጣትም።

አሁን አባቷ አልጋ ላይ ናቸው። ልባቸው ደክሟል፣ ሳል አለባቸው፣ ዓይናቸውም ብርሃን መቋቋም ትቷል። ሠርጉ እንዲፋጠን የተደረገውም ለዚሁ ነው፤ ማንም ባይናገረውም ሁሉም ያውቃል። በቤቱ ወግ ሙሽራ ከመውጣቷ በፊት አባት ፊት ተንበርክካ አንገቷን ደፍታ፣ የአባቷ እጅ ራሷ ላይ አርፎ ትመረቃለች። ቀና አይባልም። እህቶቿም እንደዚያ ነው የተመረቁት፤ እሷም ከእህቶቼ አላንስም ብላ እንደዚያው እንዲሆን ፈለገች። አንገቷን ከደፋች ደግሞ ከንፈራቸውን አታይም። ስለዚህ ምርቃቷን የምትቀበለው በኋላ፣ ከእኔ ካሜራ ላይ ነው። ድምፁ ለእሷ ምንም አያደርግላትም። ምስሉ ከደበዘዘ አልተመረቀችም ማለት ነው።

ይህን ሳስብ ሌንሱን በጨርቅ ደግሜ ጠረግሁ።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ዘንድሮ ነው። ግቢው ባደግሁበት በአሰላ ስለሆነ ቅዳሜና እሁድ ከአንዲት የፎቶ ቤት ባለቤት ጋር ሠርግ እቀርጻለሁ። እትዬ ነው የምላት። ሴት ቀራጭ የሚፈልጉ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ሴቶች ያሉበት ክፍል ወንድ ካሜራ ይዞ እንዲገባ አይወዱም፤ እትዬም እኔን የያዘችኝ ለዚህ ነው። ጥሩ ሴት ናት፣ ምላሷ ግን ሹል ነው። የካሜራውን መመሪያ ከስልኬ ላይ ሳነብ ካየችኝ «አንቺ ዩኒቨርሲቲ፣ ፈተና አለብሽ እንዴ?» ትለኛለች።

እትዬ አንድ ሕግ አላት። ሌንሱ አውቶ ላይ ይሁን፣ ማሽኑ ራሱ ምስሉን ያጥራው፤ እጅሽ ከሌንሱ ቀለበት ይራቅ። ከእኔ በፊት አብራት ትሠራ የነበረች ልጅ አንድ ጊዜ ሌንሱን በእጅ ላይ አድርጋ መመለሱን ረስታ፣ የሙሽሮቹ አገባብ ከበር እስከ ዳስ ጭጋግ ሆኖ ወጣ። እትዬ ይህን ስትናገር ገና ትናንት የሆነ ይመስል ግንባሯን ትይዛለች። «ማሽኑ ካንቺ ያውቃል» ትላለች። በዳስ ውስጥ፣ በትልቁ የቪዲዮ መብራት ሥር፣ እውነቷን ነው። መብራት ካለ ሌንሱ ፊት ፈልጎ ይይዛል፤ ፊቱ ሲንቀሳቀስ አብሮት ይሄዳል።

እኔ ግን ዶርም ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር የእትዬን ካሜራ አውጥቼ እለማመድ ነበር። ሳላስፈቅድ አይደለም፤ ሌንሱን በጨርቅ ጠርጌ እንድመልስ ነግራኝ ነው። ጨለም ሲል ሌንሱ የሚይዘው ነገር ያጣል። የብርሃንና የጥላ ልዩነት ካላገኘ ከቅርብ ወደ ሩቅ፣ ከሩቅ ወደ ቅርብ እየሄደ ይፈልጋል፤ ምስሉ ያብጣል፣ ይከሳል፣ አንዴ ጥርት ሊል ይልና አልፎት ይሄዳል። እትዬ ይህን «መቅበዝበዝ» ነው የምትለው። እንዲህ ሲሆን ከሌንሱ ጎን ያለችውን ማብሪያ ወደ ማኑዋል መግፋትና ቀለበቱን በእጅ ማዞር ይቻላል። ፒኪንግ የሚባለው ያን ጊዜ ይረዳል። ጥርት ያለውን ነገር ጠርዝ ስክሪኑ ላይ ቀለም ይቀባዋል፤ ቀለሙ ቪዲዮው ላይ አይቀረጽም፣ ለቀራጩ ብቻ ነው የሚታየው። የክፍል ጓደኛዬን ቅንድብ፣ የሻይ ብርጭቆ አፍ፣ የአልጋ ብረት፣ ያገኘሁትን ሁሉ በቀይ ስቀባ ያመሸሁባቸው ቀናት ነበሩ። የቀለሙን ኃይል ከፍ ካደረግሁት ጨለማው ራሱ በቀይ ነጠብጣብ ይሞላል፤ ምስሉ ላይ የሚፈላውን አሸዋ እንደ ጠርዝ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ዝቅ አድርጌ ተውኩት። ቀለሙን ግን አልነካሁትም። ቀይ ነበር፣ ቀይ ሆኖ ቀረ።

ቤቱ ከአሰላ ወጥቶ ወደ ሳጉሬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። እኛ ስንደርስ የጭላሎ ተራራ አልነበረም፤ ደመናው በልቶታል። ዝናቡ ከረፋዱ ጀምሮ አላቋረጠም፣ መብራትም ከዝናቡ ጋር ሄዷል። ሙሽራውና ሚዜዎቹ ከኦጎልቾ በሁለት ሚኒባስ እየመጡ ነበር፤ ጭቃው ይዟቸው ዘግይተዋል። እትዬ ስልኳን እያየች በረንዳው ላይ ትመላለሳለች።

«እኔ ደጅ ሆኜ የሙሽራውን አመጣጥ እቀርጻለሁ» አለችኝ። «አንቺ ከሴቶቹ ጋር ግቢ። መብራቷን ይዘሽ ግቢ። ባትሪዋ ሙሉ ነው።»

«እትዬ፣ መብራቱን እምቢ ካሉስ?»

«ለምን እምቢ ይላሉ?»

«ዓይናቸውን ስለሚያማቸው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «እንግዲያው ሌንሱን እስከ መጨረሻው ክፈቺው። አውቶ ላይ ተዪው። እጅሽን ግን…»

«ከቀለበቱ አርቃለሁ።»

«ጎበዝ።»

ጎበዝ ስትለኝ ደስ ይለኛል። በዚያን ጊዜ ግን ደስ አላለኝም።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንዲት ትንሽ መስኮት አለችው፤ እሷም ላይ ወፍራም መጋረጃ ተጋርዷል። አባትየው አልጋው ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ነጭ ጋቢ እስከ ደረታቸው፣ ራሳቸው ላይ ቀይና ነጭ ዳማ ያለው ሻሽ፣ ከሥሩ ሙሉ ነጭ ጢም። ከአጠገባቸው ባለቤታቸው፣ የሙሽራዋ እናት፣ ቆመዋል፤ እማማ ነው የምላቸው። የአባትየው ታናሽ ወንድም፣ የሙሽራዋ አጎት፣ ደግሞ በርጩማ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል፤ ምርቃቱን አሚን እያሉ የሚቀበሉት እሳቸው ናቸው። ሙሽራዋ ገና አልገባችም። የእትዬን ትንሽ ማይክ ጋቢያቸው ላይ ሳስር አባትየው እጄን በእጃቸው ነካ አድርገው በኦሮምኛ «ቀዘቀዘሽ ወይ?» አሉኝ።

«አይ አባባ።»

«በረዶ ሆኗል እኮ እጅሽ።»

ልብ ይላሉ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ፈገግ አልኩ።

መብራቱን አበራሁ። አባትየው ወዲያው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እንባቸው በጉንጫቸው ወርዶ ጢማቸው ውስጥ ገባ። ባለቤታቸው እጃቸውን በብርሃኑ ፊት ጋረዱ።

«ተዪው፣ ልሞክር» አሉ አባትየው። «ለሷ ነው።»

ሞከሩ። ዓይናቸው እንደተጨፈነ አፋቸውን ከፈቱ፣ ሳሉ መጣ፤ ሳሉ ሲያቆም ደግሞ ትንፋሹ ቆየ። እኔ እኚህ ሰው አሁን እዚሁ፣ በእኔ መብራት ምክንያት ይሞታሉ ብዬ አሰብኩ። ትንፋሹ ተመለሰ።

«አጥፊው» አሉኝ አጎትየው በእርጋታ። «ምርቃት ይሰማል እንጂ ይታያል እንዴ?»

«ለሷ ነው የሚታየው» አሉ ባለቤታቸው ሳይዞሩ።

«አውቃለሁ ለሷ መሆኑን። ግን ሰውየውን ገድለን ነው?»

«መጋረጃውን ትንሽ ገለጥ ላድርግ?» አልኩ።

«በስተኋላቸው በኩል ካለው ጥግ ትንሽ» አሉ እማማ። ሄደው ራሳቸው ገለጡት። ጣት የምታህል ግራጫ ብርሃን በአንድ ጉንጫቸው ላይ ወደቀች። ከዚያ በላይ አልተቻለም። መብራቱን አጠፋሁ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ አባባ» አልኳቸው አጎትየውን። «ቪዲዮው ካልተሳካ፣ ትንሽ ብቻ ቢደግሙት…»

«አይደገምም።» መቁጠሪያቸውን አቆሙት። «ሁለተኛ ከተባለ የመጀመሪያው አልተሰማም ማለት ነው። በላይ ያለው ሰምቷል፤ እኛ አልሰማህም እንበለው? ደግሞ ትንፋሹን አየሽው አይደል።»

«እሺ» አልኩ።

ሌንሱን እስከ መጨረሻው ከፈትሁት። ይህ ብርሃን ያስገባል፤ ግን ጥርት የሚለውን ስፍራ ያቀጥነዋል። አፍንጫው ጥርት ሲል ጆሮው ይደበዝዛል። ይህን አውቃለሁ። በአልጋው ግርጌ መሬት ላይ ተቀምጬ ክርኖቼን ጉልበቴ ላይ አሳረፍኩ። ከዚያች ቦታ መነሳት እንደማይቻል ነግረውኛል፤ ምርቃት ተጀምሮ መካከል የሚነሳ ሰው ምርቃቱን ይዞ ይወጣል ይባላል። ሙሽራዋ ገባች። የእናቷን እጅ ይዛ ተንበረከከች። አንገቷን ከመድፋቷ በፊት ወደ እኔ ዞር ብላ በጣቷ የራሷን ከንፈር ነካች።

መቅረጽ ጀመርኩ። የአባቷ እጅ ራሷ ላይ አረፈ።

መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ በፊታቸው ዙሪያ ትንሽ ነጭ ሳጥን ታየች። ፊት አገኘ ማለት ነው። ልቤ ትንሽ ተመለሰ። አባትየው አፋቸውን ከፈቱ፣ ከመጀመሪያው ቃል ጋር ወደ ፊት ዘንበል አሉ፣ ሳጥኗ ጠፋች።

ምስሉ አበጠ። ፊታቸው ነጭ ደመና ሆነ፣ ጋቢው ፊቱን ዋጠው፣ ከዚያ ተመልሶ መጣ፣ ሊጠራ ሲል አልፎ ወደ ኋላው ግድግዳ ሄደ። ግድግዳው ላይም የሚይዘው አጣ። ተመለሰ። «አሚን» አሉ አጎትየው። የፎቶ ማንሻውን ቁልፍ በጣቴ እስከ ግማሽ ተጫንኩ፤ እንዲይዝልኝ። ያ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር እንደገና አስጀመረው። እንደገና ተጫንኩ። እንደገና ከዳር ጀመረ። እንዳባባስኩት አውቃለሁ፤ ጣቴ ግን አልሰማኝም። «አሚን።» ሌንሱ ከውስጥ ስስ ድምፅ እያሰማ ይሄዳል ይመጣል። ቃላቱ እየሄዱ ነው። እያንዳንዱ ቃል አንድ ጊዜ ነው የሚባለው፣ ሙሽራዋ አንገቷን ደፍታለች፣ ከንፈሩ ደመና ነው።

እጅሽን ከቀለበቱ አርቂ።

የእትዬ ድምፅ ይሰማኛል፣ ግንባሯን ስትይዝ ይታየኛል። ሌንሱ አንድ ጊዜ ሄዶ ባዶውን ከተመለሰ ሁለተኛ አይጠበቅም፤ ዶርም ውስጥ ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ። ዶርም ውስጥ ግን የሚጠፋ ነገር አልነበረም። ሌላ «አሚን» ተባለ። በግራ አውራ ጣቴ ማብሪያዋን ገፋኋት።

ምስሉ መሄድና መምጣቱን አቆመ። ደብዛዛ ነው፣ ግን ቆሟል። ቀለበቱን ማዞር ጀመርኩ። ቀይ ቀለም አየሁ፤ ከፊታቸው በላይ፣ ደማቅ፣ ብዙ። ያዝኩት ብዬ ቀለበቱን ለቀቅሁ። እግዜር ይመስገን፣ አላህ ይመስገን፣ ያገኘሁትን ሁሉ አመሰገንኩ።

ከዚያ አባትየው ወደ ኋላ ተደገፉ፣ ከሌንሱ ራቁ፤ ቀዩ ግን አልጠፋም። መጥፋት ነበረበት። ሰው ከፎከስ ሲወጣ ቀለሙ ይጠፋል፣ ወይም ወደ ሌላ ነገር ይዛወራል። ይህ ግን ያው ነው። ቀለበቱን በትንሹ አዞርኩ፤ አሁንም ያው ነው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የማየው ፒኪንግ አይደለም። የሻሻቸው ዳማ ነው። ቀይ ሻሽ በቀይ ምልክት እየፈለግሁ ነበር።

ቀለሙን ቢጫ ለማድረግ ሜኑ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል፤ እየቀረጽኩ ደግሞ ካሜራው ሜኑ አይከፍትልኝም። ማቆም አለብኝ። ማቆም ማለት ደግሞ ቃል መቁረጥ ነው። ከአሁን በኋላ ምን ያህል ቃል እንደቀራቸው አላውቅም፤ ትንፋሻቸው እያጠረ ነው፣ በየቃሉ መካከል ያለው ዝምታ እየረዘመ ነው፤ በእያንዳንዱ ዝምታ የመጨረሻው ይህ ይሆን እላለሁ። ምርቃቱ ነው ወይስ ሰውየው የሚያልቁት፣ የትኛውን እንደምፈራ እንኳ አልለየሁም።

ሻሹን ተይ አልኩ ለራሴ። ቀይ ያልሆነ ነገር ፈልጊ። ጢሙ። ጢሙ ነጭ ነው።

ዓይኔን ከሻሹ ላይ ነቅዬ ከአፍንጫቸው በታች ተከልኩት። ቀለበቱን ቀስ ብዬ አዞርኩ። ጋቢው ላይ ምንም የለም፤ ሜዳ ነጭ ነው፣ ጠርዝ የለውም። ከዚያ የጢሙ ጫፍ ላይ ቀይ ጸጉር በቀለ። አንድ ሁለት ክር። ለእኔ የቀረበው የጢሙ ጫፍ ነው፤ ከንፈሩ ከዚያ ትንሽ ይርቃል። ቀለበቱን ቅንጣት ገፋሁት። ቀዩ በጢሙ ላይ እየወጣ ሄደ፣ እንደ ጉንዳን፣ እስከ አፋቸው ዳር። ከላይኛው ከንፈራቸው በላይ ያለው አጭሩ ሪዝ በሙሉ ቀላ። እዚያ አቆምኩ።

ከንፈራቸው ነበር። ስንጥቁ ሳይቀር።

ቀለበቱን ከዚያ በኋላ አልነካሁትም። ወደ ፊት ዘንበል ሲሉ ቀዩ ከሪዙ ወርዶ ወደ ጉንጭ ይሸሻል፤ ያን ጊዜ እኔም ከወገቤ ወደ ኋላ እላለሁ። ወደ ኋላ ሲደገፉ እኔም ወደ ፊት። በእሳቸውና በእኔ መካከል ያለው ርቀት እንዳይለወጥ አብሬያቸው ተወዛወዝኩ። አጎትየው አሚን ሲሉ እኔም በልቤ አሚን አልኩ፤ ምን እንደተባለ ግን አልሰማሁም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ቃል አልሰማሁም። ቀዩን ብቻ ነው ያየሁት።

እጃቸው ከራሷ ላይ ተነሳ። ትራሱ ላይ ወደቁ። እማማ ጋቢውን ወደ ላይ ሳቡላቸው፣ ደረታቸው ላይ እጃቸውን አሳርፈው ትንሽ ቆዩና ራሳቸውን ነቅንቀው ደህና ናቸው አሉን።

ከደጅ ጥሩንባ ተሰማ። የኦጎልቾዎቹ ደርሰዋል። ሙሽራዋን ይዘው ሲወጡ በሩን ከማለፌ በፊት ማብሪያዋን ወደ አውቶ መለስኳት፤ እትዬ ግንባሯን እንዳትይዝ። ብርሃን ውስጥ ስወጣ ሌንሱ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ወዲያው ያዘ። ንዴቴ ያኔ መጣ።

እትዬ ዝናቡን በጃንጥላ እየተከላከለች መጣች። «ተሳካ?»

«ከመጀመሪያው ተቅበዝብዟል። ከዚያ በእጅ አደረግሁት።»

ካሜራውን ወሰደች፣ አጫወተችው። ደመናውን አየች። ማበጡን፣ መክሳቱን። ጉንጬ ላይ የሚወርደው ዝናብ ይሁን ሌላ አላወቅሁም። ከዚያ ምስሉ ሲቆም፣ ጢሙ ሲመጣ፣ ከንፈሩ ሲመጣ አየች። አስቁማ አጎላችው። ረጅም ጊዜ አየችው።

«መመለሱን አልረሳሽም?»

«አልረሳሁም።»

«እህ» አለች። ካሜራውን መልሳ አንገቴ ላይ አጠለቀችው። «መጀመሪያውን ምን ልናደርገው ነው፣ አንቺ ዩኒቨርሲቲ?»

ቀና ስል ሙሽራዋ ከእትዬ ጀርባ ቆማ ነበር።

ኦጎልቾ ከመውረዷ በፊት ማየት ፈልጋለች። ሚዜዎቹ እየጠሩ፣ ሾፌሩ ጭቃው ይብሳል እያለ፣ እሷ እጄን ይዛ ወደ እቃ ቤቱ አስገባችኝ። የገብስ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። እናቷ ተከትለው ገብተው በሩ አጠገብ ቆሙ። ካሜራውን ሰጠኋት።

ደመናውን አየች። ፊቷ አልተለወጠም። ጠበቀች። ከዚያ ከንፈሩ መጣ፣ የእሷም ከንፈር አብሮ መንቀሳቀስ ጀመረ። በዚያ ዝቅ ከፍ በማይለው ድምፅዋ ከአባቷ ጋር እኩል ትል ጀመር። ላምሽ አትንጠፍ። ጎተራሽ እህል አይጣ። የሄድሽበት መንገድ መመለሻ ይኑረው። በየመካከሉ አሚን አለች፤ አባቷ ለአሚን ከሚያቆሙበት ቦታ ላይ ሳታዛንፍ። እስከ መጨረሻው አንድም አላመለጣትም።

ከዚያ ወደ መጀመሪያው መለሰችው። ደመናውን በጣቷ ነካች።

«እዚህ ጋ ምን አለ?»

«አላውቅም» አልኳት። «አልሰማሁም። ፎከሱን እያየሁ ነበር።»

አየችኝ። እናቷን አየች። «እማዬ፣ አንቺስ?»

እማማ ራሳቸውን ወዘወዙ። «እኔ ትንፋሹን ነበር የማዳምጠው፣ ልጄ።»

አጎትየው ከእንግዶቹ ጋር ናቸው። ደግሞም ተደግሞ ሊባል አይችልም። ደጅ ጥሩንባው እንደገና ተነፋ። እጄ ወደ ኪሴ ሄደ፤ ለምን እንደሄደ እኔም ቆይቶ ነው የገባኝ። የጆሮ ማዳመጫዬን አወጣሁ። ካሜራው ላይ ሰካሁት፣ ጆሮዬ ውስጥ ከተትሁት። ድምፁ ምንም አልሆነም ነበር፤ ማይኩ ጋቢያቸው ላይ ነው ያለው። የአባትየው ድምፅ ከትንፋሻቸው ጋር ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

አንዱን ሐረግ ሰማሁ። አቆምኩት። ልናገር ስል ፈራሁ። ኦሮምኛዬ የገበያ ኦሮምኛ ነው። ወላጆቼ ከስልጤ መጥተው አሰላ ሱቅ የከፈቱ ናቸው፤ ቋንቋውን የለመድኩት ከሱቁ በር ላይ ነው። አንድ ቃል ባበላሽ የአባቷን ቃል ነው የማበላሸው። በዚያ ላይ ከእኔ ከንፈር ከአንድ ሁለት ቃል በላይ አንብባ አታውቅም።

እሷ ከጆንያው ተነሳች። አገጬን በሁለት ጣቷ ይዛ ፊቴን ከእሷ ሳይሆን ከመስኮቱ ጋር አገጣጠመችው። ግራጫው ብርሃን አፌ ላይ ወደቀ። ከዚያ እሷ ለመስኮቱ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

«ቀስ ብለሽ» አለችኝ።

አልኩላት። ቀስ ብዬ፣ ከንፈሬን በደንብ እየከፈትሁ። ቤትሽ መስኮት አይጣ። አሚን አለች። ቀጣዩን አዳመጥሁ። የሚያናግርሽ ሁሉ ፊቱን ወደ አንቺ ያዙር።

አሚን አላለችም። ከንፈሬን እያየች ቆመች። ያበላሸሁት መሰለኝ፤ የሆነ ፊደል የዋጥሁ፣ የሆነ ቃል የገለበጥሁ መሰለኝ።

«ድገሚው» አለችኝ።

ወደ እማማ ዞርኩ። አጎትየው ያሉትን እሳቸውም ሰምተዋል፤ ሁለተኛ ከተባለ የመጀመሪያው አልተሰማም ማለት ነው። እማማ በሩን ከጀርባቸው ዘጉት። የጥሩንባው ድምፅ ቀነሰ።

«እሱ አንዴ ብሏል፣ ተሰምቷል» አሉኝ። «ያንቺ ማድረስ ነው። እስክታየው ድረስ በያት።»

ሙሽራዋ የምንባባለውን አላየችም። ፊቴን ሳዞር ከንፈሬ ጠፍቶባት ስለነበር በትዕግሥት፣ እጇን አንስታ፣ አገጬን እንደገና ወደ ብርሃኑ መለሰችው።